ወፍጮው ቢሸጥም ዓመቱ አይሸጥም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ በመጋዘን ሠራተኛነት ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ትንሽ አልፏል። ስናን ወረዳ ያሉት አባታቸው ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ድንቹንና ገብሱን የሚያይላቸው ሰው ሲያጡ፣ ልጅየው ሥራቸውን ለቀው ወደ አባታቸው ቤት ለመመለስ ወሰኑ። ከማንም አልተጣሉም፣ ማንም አላባረራቸውም። በራሳቸው ፈቃድ ነው የለቀቁት። የሁሉም ጣጣ መነሻም ይኸው ሆነ።

የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁለት የማይገናኝ ነገር ነገሯቸው። አንዱ፣ «በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ስንብት የለውም» አላቸው። ሌላው ደግሞ፣ «ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ነው፤ ዘጠኝ ወር ይሰጡዎታል» አላቸው። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያውን የሰማ ሠራተኛ መብቱን ሳይጠይቅ ይሄዳል። ሁለተኛውን የሰማ ደግሞ የማይደርሰውን ገንዘብ ቆጥሮ በሬ ለመግዛት ይዋዋላል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 39 መሠረት የስንብት ክፍያ በምክንያት የሚገኝ ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ፣ አሠሪው ከሕግ ውጭ ሲያሰናብት፣ ሠራተኛው የአካል ጉዳት ደርሶበት መሥራት አለመቻሉ በሐኪም ሲረጋገጥ ይከፈላል። በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛም ያገኛል፤ ግን ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል የውል ግዴታ የሌለበት መሆን አለበት። ይህ የአምስት ዓመት ድንጋጌ በ1998 በወጣው ማሻሻያ የገባ ነው። ስለዚህ በአራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወሩ የለቀቀ ሰው ምንም አያገኝም። አንድ ወር ታግሦ ቢለቅ ያገኛል። በከባድ ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ በሕጉ መሠረት የተባረረ ሠራተኛ ግን ሃያ ዓመት ቢያገለግልም ስንብት የለውም።

መጋዘነኛው ዘጠኝ ዓመት ስላላቸው ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ጥር 30 ቀን 2017 የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን አስገቡ፤ በሌላው ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ማኅተም አስደርገው ያዙት። ሕጉ የሚጠይቀውን የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠታቸው ነው። የካቲት 30 የመጨረሻ ቀናቸው ሆነ። ያን ወር አንድም ቀን ሳይቀሩ ሠሩ። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ድንገት የሚጠፋ ሠራተኛ እስከ ሠላሳ ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅና ከቀሪ ክፍያው ላይ ሊቆረጥበት ይችላልና።

ባለቤቱ ዘንድ ሲቀርቡ ግን ያልጠበቁት መልስ ገጠማቸው። ፋብሪካው በመስከረም 2013 ተሽጦ ነበር። አዲሱ ባለቤት በዕድሜ ያንሳቸዋል፤ በአክብሮት ነው ያናገራቸው።

«ጋሼ፣ እኔ የገዛሁት ወፍጮውን እንጂ የእርስዎን ዓመት አይደለም። እኔ ጋ የሠሩት አራት ዓመት ከስድስት ወር ነው። አምስት አልሞላም። የቀድሞውን ዘመን የቀድሞውን ባለቤት ይጠይቁ።»

ንግግሩ ለጆሮ እውነት ይመስላል። ዕቃ የገዛ ሰው የሻጩን ዕዳ የሚከፍልበት ምክንያት ምንድን ነው? መጋዘነኛውም በዚያ ቀን መልስ አጥተው ወጡ። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። በአራት ዓመት ተኩል ከተቆጠረ ክፍያው ዜሮ ነው።

መልሱ ያለው በዚያው አዋጅ አንቀጽ 16 ላይ ነው። የአንድ ድርጅት ባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውሉን አይለውጠውም። ውሉ የተሳሰረው ከሥራ ቦታው ጋር ነው። ባለቤቱ ሲቀየር ሠራተኛው በማግስቱ በዚያው ማሽን፣ በዚያው መጋዘን ሥራውን ከቀጠለ ዓመቱም አብሮት ይቀጥላል። ገዢው ይህን ዕዳ አስልቶ ከዋጋው ላይ መቀነስ የነበረበት በግዢው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስ ይፈልጋል፤ የቀድሞው ባለቤት ሲሸጥ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ሒሳባቸውን ከፍሏቸው ነበር ወይ? አሰናብቶና ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ቆጠራው በ2013 እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። መጋዘነኛው ግን በሽያጩ ጊዜ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም፤ አንድ ቀንም ሥራ አላቋረጡም።

ይህን ለማስረዳት ወረቀት ያስፈልጋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። መጋዘነኛው መጋቢት 1 ቀን 2008 የተጻፈው የቅጥር ደብዳቤያቸው በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከልጆቻቸው የክርስትና ወረቀት ጋር ተቀምጦ ተገኘ። ደብዳቤው ባይገኝ እንኳ ሌላ ምስክር ነበረ፤ ከደመወዛቸው በየወሩ የሚቆረጠው ሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮ። አሠሪው ከሚጨምረው አሥራ አንድ በመቶ ጋር ሳይቋረጥ ሲከፈል የኖረ መዋጮ ሠራተኛው መቼ እንደጀመረ ይናገራል።

ባለቤቱ ይህንን ሲያይ ሌላ ነገር አነሣ። «ጡረታ እየተከፈለልዎት አይደል? ታዲያ ስንብት ምንድን ነው?» ይህንንም ብዙ ሰው ያምነዋል። አዋጁ ጡረታን የሚያነሣው ግን ሠራተኛው ለጡረታ ዕድሜ ደርሶ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ስንብት የሚያገኘው የጡረታም የፕሮቪደንት ፈንድም መብት የሌለው ነው። ከአምስት ዓመት በላይ አገልግሎ ጡረታው ሳይደርስ በፈቃዱ ስለሚለቅ ሠራተኛ በሚናገረው ድንጋጌ ላይ ይህ ቅድመ ሁኔታ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ሒሳብ ሠራተኛዋ አንድ ወረቀት ስባ ፊት ለፊታቸው አሰላችላቸው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የመጨረሻዋን ሳምንት ደመወዝዎን ነው የምንይዘው። በ2008 ስንት ነበረ አንልም።»

አንቀጽ 40 የሚለው ይህንን ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የሚከፈለው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በሠላሳ ተባዝቶ ነው። የወር ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው ይህ በተግባር የአንድ ወር ደመወዝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ይጨመራል። የመጋዘነኛው የመጨረሻ ደመወዝ 7,200 ብር ነበር። ሲሶው 2,400 ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓመት 7,200፤ ለቀሩት ስምንት ዓመታት 2,400 በስምንት ተባዝቶ 19,200፤ ድምሩ 26,400 ብር። ባልደረባቸው እንዳለው ዓመቱ ሁሉ በሙሉ ወር ቢታሰብ 64,800 ይሆን ነበር፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በየወሩ ከደመወዙ ጋር የሚቀበሏት 800 ብር የትራንስፖርት አበል በስሌቱ አልገባችም። አዋጁ ደመወዝ የሚለው ለመደበኛ ሥራ የሚከፈለውን ነው፤ የትራንስፖርት አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ጉርሻ ከዚያ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ በአበል የሚያካክስ አሠሪ፣ የሠራተኛውን ስንብት ከወዲሁ እየቀነሰ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በመጨረሻው ወር የተጨመረ ደመወዝ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ከፍ ያደርጋቸዋል። ጣሪያም አለው፤ ስንብቱ ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ አይበልጥም። እዚያ የሚደረሰው በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎት ነው።

ፋብሪካው በመዘጋቱ ወይም ሠራተኛ በመቀነሱ ወጥተው ቢሆን ኖሮ በዚህ ላይ የስልሳ ቀን ደመወዝ ይጨመርላቸው ነበር። 14,400 ሲደመር 40,800 ይሆናል። አንዳንድ አሠሪ ሠራተኛ ሲቀንስ «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ብለህ ጻፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሁለት ወር ደመወዝ ታስቀራለች።

ክፍያው መቼ ነው? ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ። ፋብሪካው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስለሚሠራ የመጋዘነኛው ቀነ ገደብ መጋቢት 8 ነበር። ይህ ጊዜ የሚራዘመው ሠራተኛው የተረከበውን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ሲዘገይ ነው። የመጋዘን ሰው ደግሞ በዚህ ይያዛል። እርሳቸው ግን ጆንያውን አስቆጥረው፣ ሚዛኑንና ቁልፉን አስረክበው የርክክብ ወረቀት አስፈርመው ነበር። ያለ በቂ ምክንያት ለዘገየ ክፍያ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ ሊያስከፍል ይችላል። በእርሳቸው ደመወዝ 21,600 ብር መሆኑ ነው፤ ስንብቱን ራሱን ሊያክል ምንም አልቀረው።

ክፍያው ሳይፈጸም መጋቢት 8 አለፈ። ባለቤቱ «ሽማግሌ ይየው» አለ። ሽማግሌ ነውር የለውም፣ በአገሩ ብዙ ነገር የሚያልቀው በሽማግሌ ነው። ግን የስንብት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የሽማግሌ ቀጠሮ ደግሞ ይህንን ጊዜ አያቆመውም። «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ክረምቱ ሲወጣ» እየተባለ ነሐሴ 30 ካለፈ፣ ጥያቄው እውነት ቢሆንም የሚሰማው አያገኝም። መጋዘነኛው ሽማግሌዎቹን ተቀበሉ፤ ግን አንድ ነገር ለመኑ፤ ባለቤቱ ከ2008 ጀምሮ ያለውን አገልግሎት ማመኑን በጽሑፍ እንዲሰጥ። ካልሆነ በሳምንቱ የሥራ ክርክር ወደሚያየው ችሎት ክሳቸውን ሊያስገቡ ማመልከቻው ተጽፎ በእጃቸው ነበር።

ባለቤቱ ማመልከቻውን አነበበና የዘገየበትን ሦስት ወር ደመወዝ አሰበ። በመጋቢት መጨረሻ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጠራቻቸው። 26,400 ብሩ ግብሩ ተቆርጦለት፣ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ታስቦ ተከፈላቸው። የሥራ ልምድ ወረቀትም ተሰጣቸው። በወረቀቱ ላይ የሥራ መጀመሪያ ቀን የሚለው ቦታ ላይ መጀመሪያ «መስከረም 2013» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሳይፈርሙ መለሱላት።

«ልጄ፣ ይቺንም አስተካክይልኝ።»

አስተካከለችላቸው። መጋቢት 1 ቀን 2008 ይላል። ወረቀቱን አጥፈው በቆርቆሮው ሳጥን ከቅጥር ደብዳቤው ጎን አኖሩትና ወደ ስናን ወጡ።