ሽሮ ለአንድ ሰው

«በልቻለሁ» ከሚለው ቃል የበለጠ ለመደበቅ የሚመች የአማርኛ ቃል አላውቅም። በእኛ ቤት ወግ እንግዳ መጀመሪያ «አይ፣ በልቻለሁ» ይላል፤ ባለቤቷ ደግሞ አታምንም። «በሞቴ!» ትላለች፣ «አፈር ስሆን!» ትላለች፣ ካልሆነም ጠቅልላ ታጎርሳለች። ጨዋነት ነው፤ ሁለቱም ወገን ያውቀዋል። ታዲያ የምሩን ያልበላና መብላትም የማይፈልግ ሰው በዚህ ወግ ውስጥ ተሸሽጎ ዓመታት ሊኖር ይችላል። እኔ ሰባት ዓመት ገደማ ኖሬበታለሁ።

የተጀመረው «ወፈርሽ» ከሚለው ቃል ነው። እናቴ «ወፈር ብለሻል» ካለች ደስ ብሏታል ማለት ነው፤ ተመችቶሻል፣ ሐሳብ የለብሽም ማለቷ ነው። እሷን የሚያስደነግጣት «ከሳሽ» ነው። አዲስ አበባ መጥቼ ሥራ ስጀምር ግን ያው ቃል ሌላ ትርጉም ይዞ ጠበቀኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊፍት ውስጥ፣ ሰው በተሞላበት፣ «አንቺ ልጅ፣ ወፈርሽ እኮ!» አለችኝ። ሳቅኩ። በማግስቱ ምሳ አልበላሁም።

መዝለል ከባድ አልነበረም። ቁርስን በጥቁር ቡና እተካለሁ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሲሰበሰቡ «ባንክ ደርሼ ልምጣ» እላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ምክንያትም አያስፈልገኝም፤ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አይጠይቀኝም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ነፃ ነኝ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጾም መፍቻ አለው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይበላል፣ ፋሲካ ሲመጣ ዶሮው ይቀርባል። የእኔ መፍቻ አልነበረውም።

ማታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከተኛች በኋላ፣ ወጥ ቤት ገብቼ መብራት ሳላበራ ቆሜ እበላለሁ። ደረቅ ዳቦ፣ ከድስቱ ላይ ተፍቆ የቀረ ወጥ፣ ሁለት እፍኝ ቆሎ። ሳህን አላወጣም፣ አልቀመጥም። ሳህን ላይ ያልወጣ ምግብ የማይቆጠር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ የምግብ አሠራር ቪዲዮ አያለሁ። የዶሮ ወጥ ቁሌት ሲቁላላ፣ አንባሻ ሲጋገር፣ የማላውቀው አገር ሰው ፓስታ ሲያዳምጥ፤ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። የማልበላውን ሁሉ አሠራሩን በቃሌ አውቅ ነበር።

ይህን የእኔ ብቻ እብደት አድርጌ አስበው ነበር፤ ስለ አንድ የቆየ ጥናት እስካነብ ድረስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን መረጠ። ጦርነት በመቃወማቸው ወደ ግንባር ያልሄዱ ፈቃደኞች ነበሩ። ኪስ ማወቅ የፈለገው በጦርነቱ የተራቡ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ነው፤ ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃደኞቹን ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው።

ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። ሰዎቹ ከዚያ በፊት ለምግብ ብዙ ግድ ያልነበራቸው ናቸው፤ አሁን ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብና መሰብሰብ የጀመሩ ነበሩ። በትንሹ ሳህን ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ፣ ምግቡ እንዲበዛ ውሃ ይጨምሩበታል። ይበርዳቸዋል፣ ይነጫነጫሉ፣ ከሰው ይሸሻሉ። ይህ ሁሉ በፈቃዳቸው በገቡ ጤነኛ ሰዎች ላይ የመጣ ነው። አካል ምግብ ሲያጣ አእምሮን ወደ ምግብ ይልከዋል፤ የባሕርይ ጉድለት አይደለም። የማታ ቪዲዮዎቼ ስም አገኙ።

ሌላም ነገር ነበረበት። ፀጉሬ ይረግፍ ስለነበር በየወሩ ቪታሚን እገዛ ነበር። ኪስ ሰዎቹን መልሶ ሲመግብ ለአንዳንዶቹ ተጨማሪ ቪታሚንና ፕሮቲን ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የምግቡ መጠን ራሱ ካልበዛ ተጨማሪው እምብዛም ፋይዳ እንደሌለው ነው ያገኘው። የጎደለው እህል ነው፤ እህል በክኒን አይተካም።

ማወቅ ግን መብላት አይደለም። አንብቤም ለወራት እንደዚያው ቀጠልኩ።

የተለወጠው ብቻዬን መኖር ስጀምር ነው። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ፤ ስቶቩ ከካርቶኑ ሳይወጣ ሦስት ወር ተቀመጠ። «በልቻለሁ» የምለው ሰው አልነበረም። ብቻን መብላት ደግሞ በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። ድስቶቻችን እንኳን የተሠሩት ለቤተሰብ ነው። ለአንድ ሰው ሽንኩርት መክተፍ፣ ለአንድ ሰው ቁሌት መጣድ ቅንጦት ወይም ንፉግነት ይመስላል።

ከዚያ እናቴ ከደብረ ማርቆስ በሚመጣ ሰው ሽሮ ላከችልኝ። በሁለት ፌስታል የታሰረ ሦስት ኪሎ ሚጥን ሽሮ። በሦስተኛው ቀን ደወለች።

«ልጄ፣ ሽሮው እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው እማዬ።»

«ዘንድሮ ኮረሪማውን አብዝቼዋለሁ። አልጎላም? በርበሬውስ? እስቲ ንገሪኝ፣ የቀረውን ሳላስፈጭ ላስተካክለው።»

«በልቻለሁ» ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ቀምሶ ብቻ ነው የሚመለሰው። «ነገ ልደውልልሽ» አልኳት፤ በዚያው ማታ ስቶቩን ከካርቶኑ አወጣሁት።

የሽሮ አሠራር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለአንድ ሰው ሲሆን ግን ልኩ ይጠፋል። እኔ የደረስኩበት ይኸው። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደንብ ደቆ ይከተፋል። ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት፣ ድስቱ ተከድኖ የራሱ ውሃ እስኪደርቅ ይቁላላል፤ መያዝ ሲጀምር በማንኪያ ውሃ ጠብ ይደረግለታል። አስር ደቂቃ ይፈጃል፤ የተቻኮለበት ሽንኩርት ሽሮው ውስጥ ተለይቶ ይታያል። ቀጥሎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ። ከዚያ ሁለት ኩባያ ውሃ ይጨመርና ሲፈላ፣ ግማሽ ኩባያ ሽሮ በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው ይማሰላል። በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይጓጉላል፣ ጉጉሉም ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከዚያ እሳቱን ቀንሶ ሃያ ደቂቃ ያህል ማንተክተክ፣ አልፎ አልፎ ታቹን ማማሰል።

የቆምኩት ዘይቱ ላይ ነው። ለሰባት ዓመት ዘይት የምለካው በሻይ ማንኪያ ነበር፤ አንድ። አንዱን ጨመርኩና ጠርሙሱን ከደንኩ። ሽሮው ተንተከተከ፣ ወፈረ፣ ግን ሃያ ደቂቃ አልፎም ላዩ ደረቅ፣ መልኩ የደበዘዘ ነበር። ስቀምሰው አፍ ላይ የሚቀር የዱቄት ጣዕም ነበረው። ለእናቴ ደወልኩ።

«ዘይቱ ወጣ?» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው ወጣ?»

«ሽሮ ሲበስል ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዳር ዳሩን ቀይ ሆኖ ታዪዋለሽ። እሱ ካልታየሽ እንዴት ብለሽ መብሰሉን ታውቂያለሽ? ምን ያህል አደረግሽ?»

ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«የኔ ልጅ» አለች፣ «እሱ እኮ ለድስቱም አይበቃም።»

ዘይት ዘግይቶ ሲጨመር እንደ መጀመሪያው አይዋሃድም፤ ስለዚህ በትንሽ ድስት ሌላ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ፣ ሽሮውን እዚያ ላይ ገለበጥኩት፤ ግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃም አከልኩበት። ከአስራ አምስት ደቂቃ በኋላ ዳር ዳሩ ላይ ቀይ ክብ ወጣ። ለዓመታት ከወጥ ላይ በማንኪያ እየቀዳሁ የምደፋው ነገር የመብሰል ምልክት ነበር። መሶብ አልነበረኝም። ሳህን ላይ አንድ እንጀራ ዘርግቼ፣ መሃሉ ላይ ጨልፌ፣ አንድ ቃሪያ ከጎኑ አስቀምጬ፣ ተቀምጬ በላሁ። መብራቱ በርቶ።

ግማሹን እንኳን ሳልጨርስ ጠገብኩ፤ ሆዴ ተነፋ፣ አቅለሸለሸኝ። ፊልም ቢሆን ኖሮ ሳህኑን ጠርጌ እያለቀስኩ ነበር የሚያልቀው። ኋላ የሄድኩባት ሐኪም እንዳስረዳችኝ፣ ለረጅም ጊዜ ምግብ የዘለለ ሰው ጨጓራ ምግብ የሚያወርድበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትንሹም ብዙ መስሎ ይሰማል። የረሃብ ስሜቱም አይታመንም፤ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ማታ በአንዴ ይመጣል። ያዘዘችኝ መድኃኒት አልነበረም፤ ሰዓት ነው። ራበኝም አልራበኝም ጠዋት አንድ፣ ቀን ስድስት፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ትንሽ ቢሆንም መብላት። አንድ ነገር አጥብቃ ነግራኛለች፦ ብዙ ቀን ጨርሶ ያልበላ ወይም በአጭር ጊዜ በጣም የከሳ ሰው በድንገት ብዙ መብላት የለበትም። በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት በድንገት ወርደው ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ በሐኪም ክትትል ነው የሚጀምረው።

ሆዴ ምግቡን ሳይነፋ እስኪቀበል ሁለት ወር ያህል ወሰደ። የማታው ቆሞ መብላት ቀስ በቀስ ቀረ፤ ታግዬ አላቆምኩትም፣ ምሳ የበላሁ ቀን ራሱ አልመጣም። ቪዲዮዎቹንም አሁን የማያቸው ላበስል ስፈልግ ነው። ክብደት ጨምሬያለሁ። ሁለት ሱሪዎቼ አይገቡኝም፤ አንዳንድ ጠዋት ይከፋኛል፣ አንዳንድ ጠዋት ትዝም አይለኝም። ባልደረባዬ «ወፈርሽ» ማለቷን አልተወችም።

ለእናቴ የነገርኳት ይህንን ነው፦ ኮረሪማው ልክ ነው፣ በርበሬው ትንሽ ይቀንስ፣ ጨው አንሶታል። «ጨውማ አንቺው ነሽ የምትጨምሪው» አለችና ሳቀች።

የተረፈው ግማሽ ሽሮ ድስቱ ውስጥ አደረ። ጠዋት ውሃ ጠብ አድርጌ አሞቅኩት፣ የደረቀውን እንጀራ ቆራርሼ ጨመርኩበት። አንድ ሰዓት ላይ ፍርፍር በላሁና ሥራ ሄድኩ።