የማግስቱ ጠዋት

1.
ጥቅምት ሲጋመስ የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ማለዳ ማለዳ ይጨናነቃሉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ነው፤ ርቀቱም 10 ኪሎ ሜትር። ቲሸርቱን ከገዙ የቆዩ ሰዎች ልምምድ የሚጀምሩት ወር ሲቀረው ነው።

2.
ከእነሱ አንዱ የ38 ዓመት የባንክ ሠራተኛ ነው። ሩጫውን ሁሉ በስልኩ ይመዘግባል። ለወራት በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ድምሩ 12። ለታላቁ ሩጫ አምስት ሳምንት ሲቀረው 20 አደረሰው። በሚቀጥለው ሳምንት 27 ሮጠ። በሦስተኛው 34፤ ከዚያም ውስጥ የእሑዱ እንጦጦ ዳገት ላይ ነበር። “ቀስ በቀስ ነው የጨመርኩት” ይላል። ይህን የሚለው መዝገቡን እያሳየኝ ነው።

3.
በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሹ ተሻሽሎ ነበር። “በፊት የምቆምበትን ዳገት አሁን እያወራሁ እወጣዋለሁ” አለኝ። እውነቱን ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ የባት ጡንቻም ብዙ አይዘገይም። ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን ደም እንደ ጡንቻ አይደርሰውም። አዲስ ጭነት ለመልመድ ወራት ይወስድበታል። ሰው ልኩን የሚያውቀው በትንፋሹ ነው፤ ጅማት ደግሞ አይተነፍስም።

4.
ሲሮጡ በእያንዳንዱ እርምጃ ይህ ጅማት የሰውነትን ክብደት ስድስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሸከማል። ሰውየው 70 ኪሎ ነው፤ ከ400 ኪሎ በላይ ማለት ነው። በዝግታ የሚሮጥ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር አንዱ እግሩ 500 ጊዜ ያህል መሬት ይረግጣል። ከ12 ወደ 34 ሲወጣ በሳምንት 22 ኪሎ ሜትር ጨመረ። ለአንዱ ጅማት 11,000 ያህል ተጨማሪ ጭነት መጣበት። ዳገት ላይ ደግሞ ተረከዙ ከጣቶቹ ዝቅ ስለሚል ጅማቱ ይበልጥ ተለጥጦ ነው የሚሠራው። ስልኩ የመዘገበው ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው።

5.
ሕመሙ መጀመሪያ የመጣው መንገድ ላይ አይደለም። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ነው። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እያነከሰ ሄደ፤ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ለቀቀው። ያን ቀን ሲሮጥ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ተሰማው፣ ሁለተኛው ላይ ጠፋ። ማታ ተመልሶ መጣ። “ስሮጥ ይተወኛል፤ ስለዚህ ከሩጫው አይደለም” አለ። የዚህ ጅማት ሕመም ጠባዩ እንዲህ ነው። ሲሞቅ ይደበቃል፣ ሲያርፍ ይወጣል። ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠይቁትም ስለ ሩጫው ሰዓት ሳይሆን ስለ ማግስቱ ጠዋት ነው።

6.
ዓርብ ማታ ወጌሻ ዘንድ ሄደ። “ጋሼ፣ ጠበቅ አድርገው ይሹልኝ” አላቸው። ባቱን አሹለት፤ ቀለለው። ሲወጣ “ልጄ፣ ይህን ሳምንት አትሩጥበት” አሉት። እሑድ እንጦጦ ወጣ። ስለ ወጌሻው ሲያወራ እጃቸው መድኃኒት እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻውን ቃላቸውን የነገረኝ ስጠይቀው ነው።

7.
በጣቶቹ ጅማቱን ቆንጥጦ የሚያመውን ቦታ አሳየኝ። ከተረከዝ አጥንት በላይ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሌላው እግር ጋር ሲነጻጸር ወፈር ብሏል። አብሮት የሚሮጠው ጓደኛው ደግሞ የሚያመው ከታች፣ ጅማቱ አጥንቱ ላይ በሚጣበቅበት ቦታ ነው። ሁለቱም “ተረከዜን” ይላሉ። ሁለቱም የደረጃ ጠርዝ ላይ ቆመው ተረከዛቸውን ወደ ታች ለጥጠው ይቆያሉ። ከአጥንቱ በላይ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ላለው ሕመም ተረከዝን ከጠርዝ በታች ማውረድ የሕክምናው ክፍል ነው። አጥንቱ ላይ ላለው ግን እንዲያ ሲለጠጥ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር ስለሚጫን ሕመሙን ያባብሰዋል። ለጓደኛው የሚሻለው ደልዳላ መሬት ላይ መሥራትና ለጊዜው ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ነው። አንዱ የሚሠራውን ሌላው እያየ ይሠራል።

8.
ሁለት ሳምንት ሙሉ በሙሉ አረፈ። ሕመሙ ጠፋ። የሩጫው ዕለት 10 ኪሎ ሜትሩን ሮጦ ጨረሰ። በማግስቱ የቤቱን ደረጃ የወረደው እጀታውን ይዞ ወደ ጎን ነው። “አርፌ ነበር እኮ” ይላል። ዕረፍት ሕመሙን አስታግሷል። ጅማቱን ግን አላጠነከረም፤ ሥራ የፈታ ጅማት የመሸከም ዐቅሙ ይቀንሳል። የቆመው 34 ላይ ነበር፤ ሲመለስ የነበረው ዐቅም ግን ከመጀመሪያው 12 የሚበልጥ አልነበረም።

9.
ከሩጫው በፊት ዲክሎፌናክ ውጦ ነበር። በፋርማሲው ሰልፍ ላይ ከፊቱ የነበሩት ሁለቱም ለሩጫው የመጡ መሆናቸውን ነገረኝ። ለወራት የሚቆይ የዚህ ጅማት ሕመም ዋና ችግሩ መቆጣት አይደለም። የጅማቱ ክሮች ሥርዓታቸው ይዛባል፣ ጅማቱ ይወፍራል። መድኃኒቱ ክሮቹን አይጠግንም፤ ሕመሙን ዝም ያሰኛል። ሰውየው ከሕመሙ ሌላ ልኩን የሚነግረው ነገር አልነበረውም።

10.
እዚያው ፋርማሲ ሌላ ሰው ለተቅማጥ ሲፕሮ ጠየቀ፤ ተሰጠው። ይሮጥ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ጅማትን ሊጎዱና ሊያስበጥሱ ይችላሉ፤ በይበልጥ የሚጠቃውም ይኸው የተረከዝ ጅማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ዓይነት በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ እንዲታተም አዘዘ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑና የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት ለሚወስዱ አደጋው ይብሳል። ማስጠንቀቂያው ፓኬቱ ውስጥ በታጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ፍሬ ተቆጥሮ ለገዛ ሰው ወረቀቱ አይደርሰውም።

11.
ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው የዚህ ጅማት ልምምድ ደረጃ ብቻ ይፈልጋል። በእግር ጣቶች የደረጃው ጠርዝ ላይ ይቆማል። በሁለት እግር ተነሥቶ በሚያመው እግር ብቻ ቀስ ብሎ ይወረዳል። ጉልበት ቀጥ ብሎ ሦስት ጊዜ 15፣ ጉልበት ታጥፎ ሦስት ጊዜ 15። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። በቀን 180 ማለት ነው። ሰውየው “ሠርቼው አልሠራልኝም” አለ። ስንት ቀን እንደሠራው ጠየቅሁት። አንድ ሳምንት ነው። ጉልበት ታጥፎ የሚሠራውን ጨርሶ አልሠራውም፤ ቀላል መስሎት ነበር። ከባት ሥር ያለውን፣ በሩጫ ትልቁን ሸክም የሚሸከመውን ጡንቻ ይበልጥ የሚያሠራው እሱ ነው።

12.
በኋላ የሄደባት ፊዚዮቴራፒስት በአንድ እግሩ አቁማ ተረከዙን እንዲያነሣ አደረገችው። በደህናው እግር 24 ጊዜ ተነሣ። በታመመው 11። ሰውየው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለቱ እግሮቹ እኩል እንደሆኑ ያምን ነበር። በየቀኑ 180 እንደማይሠራ ስለነገራት ሌላ መንገድ ሰጠችው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ክብደት ይዞ፣ በጣም በዝግታ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዴንማርክ የወጣ ጥናት ሁለቱን መንገዶች ሲያነጻጽር ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

13.
“መሮጥ ልተው?” ብሎ ጠየቃት። አልከለከለችውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስዊድን የወጣ ጥናት ሕመማቸውን እየለኩ መሮጥ የቀጠሉትን ሰዎች ለጊዜው ሩጫ ካቆሙት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ወገን ልምምዱን ሠርቷል፤ የሮጡት አልተጎዱም። መለኪያው ከ0 እስከ 10 ነው። ሲሮጡ እስከ 5 ይፈቀዳል። በማግስቱ ጠዋት ግን ወደነበረበት መውረድ አለበት፤ ከሳምንት ሳምንትም መጨመር የለበትም። ሰውየው ሁለት ደንብ ብቻ ነበር የሚያውቀው። አንዱ እያመመህም ቢሆን ሩጥ፣ ሌላው ካመመህ ተኛ የሚል።

14.
ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ መቅደሙን ሁሉም ይተርካል። ያን ዓመት የተረከዝ ጅማቱ ሲያስቸግረው እንደነበረና ከኦሎምፒኩ በኋላ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት የሚያነሣ ጥቂት ነው። ሱሉልታ ሣር ላይ የሚለማመዱትን አትሌቶች ለማየት የሄዱ ሰዎችም ቪዲዮ ሲቀርጹ የሚመርጡት የፍጥነቱን ቀን ነው። በማግስቱ እነዚያው አትሌቶች ማንም ሊከተላቸው በሚችል ዝግታ ሶምሶማ ይሮጣሉ። ያን ቀን የሚቀርጻቸው የለም።

15.
ሌላ ሰው፣ ኳስ ሲጫወት፣ ከኋላው በጠጠር የተመታ መሰለው። ዞር ሲል ማንም አልነበረም። መራመድ ስለቻለ “ወለምታ ነው” ተብሎ ታሽቶ ቤቱ ገባ። ጅማቱ ሲበጠስ ምልክቱ ይህ ነው፤ ድንገት ይመታል፣ ድምፅ ይሰማ ይሆናል፣ ከዚያ በዚያ እግር በጣት መቆም አይቻልም። ለማረጋገጥ በሆድ አስተኝቶ ባቱን መጭመቅ ነው። ጤነኛው እግር ሲጨመቅ መዳፉ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ የተበጠሰበት ዝም ይላል። ይህ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬድ እንጂ የሚታሽ አይደለም።

16.
የባንክ ሠራተኛው እንደገና የጀመረው አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ በማድረግ ነው። በሜዳ ላይ፣ ቀን እየዘለለ። ከሦስት ወር በኋላ የታመመው እግር 21 ጊዜ ተነሣ። በሳምንት 12 ኪሎ ሜትር ላይ ተመለሰ። አሁን በየሳምንቱ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይጨምራል፤ ዳገት ገና አልገባበትም።

መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሯል፤ “የጠዋት ሕመም፣ ከ0 እስከ 10”። ከተለመደው ከፍ ካለ ያን ቀን አይሮጥም። የቆዩትን ወራትም ከትዝታው ሞላቸው። ረጅሙ ሩጫና ትልቁ ቁጥር አንድም ቦታ አንድ መስመር ላይ አልገጠሙም። ቁጥሩ ሁልጊዜ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ነው ያለው።