ጂልባቦቻችንን የት እንሽጥ?



አምና ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስት ሆነን ጂልባብ በኦንላይን ስለ መሸጥ መከርን። አንዳችን «የራሳችን ዌብሳይት ይኑረን፤ በሰው ቤት ለምን ኪራይ እንከፍላለን?» አለ። ሁለታችን ብዙ ሻጭ ዕቃውን በሚለጥፍበት የኦንላይን ገበያ እንጀምር አልን። ክርክሩ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ወረቀት አውጥተን አሰላነው።

አንዱን ጂልባብ በ900 ብር አስመጥተን በ1,200 ብር እንሸጣለን። ገበያው ከተሸጠው 10 በመቶ ይወስዳል፤ 120 ብር ማለት ነው። ካልተሸጠ ግን ምንም አንከፍልም። ለዌብሳይቱ የተጠየቅነው ለመጀመሪያው ዓመት 9,000 ብር ነበር፤ ተሸጠም አልተሸጠም የሚከፈል። በዚያ ላይ ክፍያ የሚቀበልልን ድርጅት ከአንዱ ጂልባብ 30 ብር ይቆርጣል። ስለዚህ በራሳችን ብንሸጥ የሚተርፈን ልዩነት 90 ብር ብቻ ነው፤ 9,000ውን ለመመለስ 100 ጂልባብ መሸጥ አለብን። እኛ የገመትነው በወር ስድስት፣ በዓመት 72 ነበር። ክርክሩ እዚያ አበቃ።

ወረቀቱ ላይ ያልጻፍነው ሌላም ነገር ነበር። አዲስ ዌብሳይት ማንም በደጁ የማያልፍበት ሱቅ ነው። ገበያው ላይ ግን «ጥቁር ጂልባብ» ብላ የምትፈልግ እኅት እኛን ሳታውቅ ታገኘናለች።

ገበያውም የራሱ ችግር አለው። አንድ ጊዜ ቸኩለን ከአስመጪው የተላከልንን ፎቶ ለጠፍን። ያው ፎቶ በሌላ ሻጭም ስም ነበርና ገጻችን ለ12 ቀን ተዘጋ። በሌላ በር የምንሸጥበት ቦታ ስላልነበረን ዝም ብለን ጠበቅን። ከዚያ ወዲህ ፎቶውን የምናነሳው ራሳችን ነን፤ ፎቶውም ጽሑፉም በእኛ ኮምፒውተር ይቀመጣል።

በጣም የተከራከርነው ግን በሌላ ነገር ነው። አንዳችን በየጥቅሉ ውስጥ ስልካችንን እንክተት፣ ቀጣዩን ያለ ኮሚሽን በቀጥታ ይዘዙን አለ። የገበያው ውል ግን ይህን ይከለክላል፤ እኛም ተስማምተን ገብተናል። የተስማማንበትን ውል በጎን ማፍረስ አልዋጠልንምና ተውነው። እውነቱን ለመናገር፣ ኮሚሽኑ በየወሩ ሲቆረጥ ዛሬም ያናድደናል።

ያልተከለከለውን ግን አደረግን። ለያንዳንዷ ገዢ «እንዴት አገኘሽን?» እንላለን፤ መልሱን ደብተር ላይ እናሰፍራለን። ከመጀመሪያዎቹ 40 ትዕዛዞች 29ኙ በፍለጋ ያገኙን ናቸው። 11ዱ በሱቃችን ስም ፈልገው የመጡ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሁለተኛ ጊዜ የሚገዙ፣ ሌሎቹ ጓደኛ የነገረቻቸው። ዌብሳይት የሚጠቅመን ለእነዚህ 11ዱ ነው፤ 29ኙ ወደዚያ አይመጡም። በስም የሚፈልጉን ከግማሽ ሲያልፉ እንከፍታለን ብለን ተስማማን።

እስከዚያ ሌላ ሰው እንዳይቀድመን የሱቁን ስም የዌብሳይት አድራሻ አድርገን አስመዘገብን፤ ከሙሉው ወጪ ትንሹ ይህ ነው። ሠሪውን ግን ገና አልጠራነውም።