የዓረፍተ ነገሩ ጭራ

የአጎቴ ልጅ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ ይኖራል። ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ያጥባል። በዚያ አገር የውጭ ሰው ለመኖርና ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙውን ጊዜ ፈቃዱ ቀን ተቆርጦለት ይሰጣል። ቀኑ ሲደርስ ማሳደስ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣለት። ጀርመንኛ መማር ከጀመረ ገና ዓመቱ ነው። ስለዚህ የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ እየለቀመ አነበበ። «የመኖሪያ ፈቃድዎ» ይላል፤ ይህን ያውቀዋል። ቀጥሎ «ሎይፍት» ይላል። ይህንንም ያውቀዋል። የዕቃ ማጠቢያው መኪና ሲነሣ አለቃው «ሎይፍት!» ይላል፤ «ይሠራል» ማለቱ ነው። ከዚያ በእነርሱ አቆጣጠር 30.03.2023 የሚል ቀን አየ። በእኛ መጋቢት 21 ቀን 2015 መሆኑ ነው።

«እሰይ! ፈቃዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ይሠራል ማለት ነው» አለና ደብዳቤውን አጥፎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው።

መጋቢት 11 ቀን አንድ ያገሩ ሰው ቡና ሊጠጣ መጣ። በዕድሜ ይበልጠዋል፤ እዚያ አገርም ብዙ ቆይቷል። የአጎቴ ልጅ ደብዳቤውን አውጥቶ አሳየው።

«ጋሼ፣ ፈቃዴ ታደሰልኝ እኮ!»

ሰውየው አነበበና ዝም አለ። ከዚያም ጣቱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ አኖረ።

«ይህችን ቃል አይተሃታል?»

«አፕ» የምትል ትንሽ ቃል ነች።

«በጀርመንኛ አንዳንዱ ግሥ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ከፊት፣ ጭራው ከመጨረሻ ይቀመጣል። ‹ሎይፍት› ብቻውን ይሠራል ነው። ‹አፕ› ከኋላ ሲመጣ ግን ጊዜው ያልቃል ማለት ነው። የቀረህ ዐሥር ቀን ነው!»

የአጎቴ ልጅ ክው አለ። «ታዲያ አገር ልቀቅ ማለታቸው ነው?»

«አይደለም። አመልክት ነው የሚሉህ። ቀኑ ሳያልፍ ካመለከትክ፣ ውሳኔ እስኪሰጡህ ድረስ የድሮው ፈቃድ እንደጸና ይቆያል። ቀኑ ካለፈ ግን ይህ መብት ይቀርብሃል። አሠሪህም ሊያሠራህ አይችልም።»

በማግሥቱ ማመልከቻ ጻፉ። ደብዳቤው የዘረዘራቸውን ሁሉ አያያዙ፤ የፓስፖርት ግልባጭ፣ ፎቶግራፍ፣ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል። መጋቢት 14 ቀን አስገቡ፤ ማስገባታቸውን የሚያሳይ ደረሰኝም ተቀበሉ። ቆይቶ የድሮው ፈቃድ እስከ ውሳኔው እንደጸና የሚገልጽ ወረቀት ተሰጠው። ሥራውም አልተቋረጠም።

ይህን በስልክ ሲያጫውተኝ ሳቅሁበት። ኋላ ግን የራሳችንን ቋንቋ አሰብኩ። «ፈቃድህ ከመጋቢት 21 ቀን ጀምሮ» ብለን ብናቆም፣ የሚቀጥለው «ይሠራል» ይሁን «አይሠራም» በምን ይታወቃል? የእኛም ነገር ያለው ከጭራው ነው።