ወር በገባ በ21

ጎንደር ላይ ቀጠሮ የሚያዘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ዕለትን ይከተላል፤ ቅዳሜ ገበያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፣ ሰንበቴም እሑድን አይለቅም። ሌላው ቀንን ይከተላል፤ ሥላሴ ወር በገባ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21። በዳባትና በደባርቅ ያለ ገበሬ ሁለቱንም ያለ ወረቀት ይዟቸው ይኖራል።

ሁለቱ ግን እኩል አይራመዱም። ወራችን 30 ቀን ነው፤ አራት ሳምንት ከሁለት ቀን። ስለዚህ የወሩ 21ኛ ቀን በየወሩ ሁለት ዕለት ወደፊት ይሄዳል፤ በ2018 ዓ.ም. መስከረም 21 ረቡዕ፣ ጥቅምት 21 ዓርብ፣ ኅዳር 21 እሑድ ዋለ። የጽዋ ማኅበር ተረኛ ይህን ቀድሞ ማየት አለበት፤ ረቡዕና ዓርብ ወጡ የጾም ነው። ኅዳር 21 እሑድ ቢውልም የነቢያት ጾም ገብቷልና እሑድነቱ ወጡን አይለውጠውም።

አሁን ብዙው ሰው ማስታወሻውን ለስልኩ ሰጥቷል። የስልኩ ቀን መቁጠሪያ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። መስከረም 21 ቀን 2018 በነሱ ኦክቶበር 1 ነበር። «በየወሩ በ1» ብሎ የሞላ ሰው ኖቬምበር 1 ሲደወልለት ቀኑ ጥቅምት 22 ነው፤ ማርያም ትናንት አልፋለች። ጃንዋሪ 1 ላይ ታኅሣሥ 23፣ ፌብሯሪ 1 ላይ ደግሞ ጥር 24 ይሆናል። አስተርእዮ ማርያም ካለፈች በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። ጠላው ከቀናት በፊት መጠንሰስ ላለበት ቤት እንዲህ ያለ ማስታወሻ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስልኩን «በየወሩ» ከማለት «በየ30 ቀኑ» ማለት። ከመስከረም 21 የተነሳ እስከ ነሐሴ 21 ቀን አይስትም። ከነሐሴ በኋላ ጳጉሜን ትገባለችና መንገዱ 30 ሳይሆን 35 ቀን ይሆናል፤ በ2019 ደግሞ ጳጉሜን 6 ስለሆነች 36። ድግግሞሹን በ12 ጊዜ ወስኖ መስከረም ላይ እንደገና መትከል ነው።

«የወሩ መጨረሻ እሑድ» ብሎ ለሚሰበሰብ እድር ግን ይህ አይሠራም። ያ እሑድ ከ24 እስከ 30 ባለው ውስጥ ይዘዋወራል፤ በ2018 መስከረም 25፣ ጥቅምት 30፣ ኅዳር 28 ነበር። በጥቅምት አምስት እሑዶች ስለነበሩ «አራተኛው እሑድ» ያለ አባል በ23 ብቻውን ይመጣል። ስልኩ ላይ «የመጨረሻ እሑድ» የሚለውን የመረጠ ደግሞ የሚደወልለት በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ፣ በኛ ጥቅምት 16 ነው፤ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድሞ።

ለዚህኛው እስካሁን ከዓመት መጀመሪያ ተቀምጦ ዐሥራ ሁለቱንም እሑድ በየቀናቸው ከመጻፍ የተሻለ አላየሁም። የእድር ጸሐፊዎች ሆይ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ «የመጨረሻው» እና «አራተኛው» የሚሉትን ለዩልን፤ የዓመቱንም ዝርዝር በመስከረም ለአባላቱ አድሉ።