«ከባድ ራስ ምታት» ብሎ መጻፍ አይበቃም

በጤና ጣቢያዎቻችን የእርግዝና ክትትል ክፍሎች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የአደጋ ምልክቶች ፖስተር ይዘት ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ከማህፀን የሚፈስ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከምጥ በፊት የሚፈስ የሽርት ውሃ፣ የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ መንቀጥቀጥ፤ ከታች ደግሞ «ከነዚህ አንዱን ካዩ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» የሚል ማሳሰቢያ። ዝርዝሩ ትክክል ነው፣ ከእሱ የሚወጣ ነገር የለም። ችግሩ ምልክቶቹን ሁሉ በእኩል ማስቀመጡ ላይ ነው። ደም ሲፈስ ወይም ሰውነት ሲንቀጠቀጥ ፖስተር ያላነበበ ሰው እንኳ ይደነግጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ መኪና ይፈልጋል። ራስ ምታትና ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው ከሆድ በላይኛው ክፍል የሚሰማ ሕመም ግን ማንንም አያስደነግጡም፤ በየዕለቱ የምናውቃቸው ሕመሞች ናቸውና። ስለዚህ የፖስተሩ ትልቁ ቦታና ግልጹ ቃል መሰጠት ያለበት ተራ ለሚመስሉት ምልክቶች ነው ብዬ እከራከራለሁ። የአቃቂ ቃሊቲን ጤና ጣቢያዎች በማሰብ ነው የምጽፈው።

ከእነዚህ ተራ መሳይ ምልክቶች በስተጀርባ ያለው በሽታ በሕክምናው ቋንቋ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት፣ ማለትም ከ5ኛው ወር ገደማ በኋላ፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜም በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። መነሻው እንግዴ ልጁ ነው። ደም በሚገባ የማያገኝ እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮቿን የውስጥ ሽፋን ይጎዳሉ። በአንጎል ያሉት ሥሮች ሲጎዱ ራስ ምታት፣ ብዥታና የብርሃን ብልጭታ ይመጣል። ጉበት ሲያብጥ ሽፋኑ ይወጠርና ከጎድን አጥንት ሥር፣ በመሃል ወይም በቀኝ በኩል፣ ያማል። በሽታው ሲብስ አንጎል ወደ መንቀጥቀጥ ይገባል፤ ይህ ኤክላምፕሲያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትንተና ከእናቶች ሞት 14 በመቶ ያህሉ ከደም ግፊት ጋር በተያያዙ የእርግዝና ሕመሞች የሚመጣ ነው፤ ከደም መፍሰስ ቀጥሎ ዋናው ገዳይ መሆኑ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል።

ዝርዝሩ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በቃሊቲ አካባቢ ፋብሪካ የምትሠራ፣ የመጀመሪያ ልጇን 8 ወር የያዘች ሴት አለች እንበል። ጠዋት ራሷን ያማታል። ፓራሲታሞል ትውጥና ቀለል ይላታል፤ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ይመለሳል። ባልደረቦቿ «ድካም ነው፣ ፀሐዩም ነው» ይሏታል። ማታ ከጎድን አጥንቷ ሥር ይወጥራታል፣ ያስመልሳታል። ከዚህ በፊት ጨጓራ ስለሚያማት ፋርማሲ ገብታ የጨጓራ መድኃኒት ትገዛለች። ሊነጋጋ ሲል አምፖሉ ዙሪያ የሚብለጨለጭ ነገር ታያለች፤ ከዚያ ያንቀጠቅጣታል። ይህች ሴት በክትትሏ ወቅት ፖስተሩን አንብባዋለች። ግን «ከባድ ራስ ምታት» የሚለው ቃል እሷን የሚመለከት አልመሰላትም፤ ሕመሙ ከባድ ቢሆን ኖሮ ሥራ አልገባም ነበር ብላ ታስባለችና። ስለ ጨጓራዋ ደግሞ ፖስተሩ ምንም አላለም። የጎደላት ምልክቱን ከተለመደው ሕመም የምትለይበት መስፈርትና ምን ያህል መጠበቅ እንደምትችል የሚነግራት ቃል ነው።

መስፈርቱ አስቸጋሪ አይደለም። የሚያሰጋው ራስ ምታት ከዚህ በፊት ከለመደችው የተለየ፣ ፓራሲታሞልና ዕረፍት ያላስለቀቁት ወይም ለቆ የተመለሰ፣ ወይም ከብዥታ ጋር የመጣ ነው። የተለመደው ጨጓራ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ቃር አለው፤ ምግብ ከበሉ ወይም ከተጋደሙ በኋላ ይብሳል። የጉበት ሕመም ግን ከምግብ ጋር እምብዛም አይያያዝም፣ ብዙ ጊዜ ድንገት ይጀምራል፣ የጨጓራ መድኃኒትም አያስታግሰውም። እብጠትም ቢሆን ማታ ማታ እግር ላይ የሚታየው በአብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች የሚያጋጥም ነው፤ ጠዋት ስትነሳ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ቀለበቷ ከጠበባት ግን መመርመር አለባት። ይህን ሁሉ የምለው ግን እናት ራሷን ሐኪም እንድታደርግ አይደለም። በእርግጠኝነት መለየት የሚችለው የደም ግፊት መለኪያው ነው። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትልና ምርመራ ያስፈልጋል፤ 160/110 ከደረሰ፣ ወይም ግፊቷ ከፍ ብሎ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ፣ ቦታዋ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ የፖስተሩ ትእዛዝ «ከጠረጠርሽ ዛሬውኑ ተለኪ» የሚል መሆን አለበት።

ሰዓቱ የሚያስጨንቀው ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ መድረስ ብዙ ስለሚለውጥ ነው። ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው ርካሽ መድኃኒት በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመና ከ10,000 በላይ ሴቶች በተሳተፉበት ማግፓይ በተባለ ጥናት የመንቀጥቀጥን አደጋ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ የመጀመሪያውን መጠን በመርፌ ሰጥታ፣ የግፊት ማውረጃ ጨምራ ወደ ሆስፒታል ልትልካት ትችላለች። መፍትሔው በመጨረሻ ልጁና እንግዴ ልጁ ሲወጡ ቢሆንም፣ መድኃኒቱ ሐኪሙ የሚወስንበትን ጊዜ ይገዛል። ቤት ውስጥ ያለፈ ሌሊት ግን ይህን ዕድል ይነጥቃል።

ፖስተሩ ከሚረሳቸው ነገሮች ሌላው፣ አደጋው በወሊድ አለማብቃቱ ነው። መንቀጥቀጥ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሆንም እስከ 6 ሳምንት ድረስ የሚታይበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ አራሷ ቤቷ ናት፤ ራሷን ሲያማት «ብርድ መታት» ይባላል፣ አጥሚትና ሙቀት ይታዘዝላታል። ፖስተሩ «የእርግዝና» ብቻ ከሆነ፣ አራስ ቤት ያለችው ሴት የተጻፈው ለሌላ ሰው መስሎ ይታያታል። እንዲሁም መንቀጥቀጥ ሲመጣ ቤተሰቡ ምን እንዳያደርግ መጻፍ ይገባል። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ማንኪያ አፍ ውስጥ መክተት፣ ውሃ ማጠጣት ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። በግራ ጎኗ ማስተኛት፣ የሚጎዳትን ነገር ከአጠገቧ ማራቅ፣ መኪና መጥራት፤ ይኸው ነው። ፀበል የሚወስዳት ቤተሰብ ካለም፣ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ፀበሉ ከዚያ በኋላ ቢደረግ እምነትን የሚነካ ነገር የለውም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ከጤና ባለሙያዎች ዘንድ ይመጣል፤ ራሷን ያመማት ሁሉ ከመጣች፣ አስቀድሞም የተጨናነቀው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል እንዴት ይችለዋል? ይህ ሊናቅ የሚገባው ሥጋት አይደለም። ግን ምልክቱ ተራ ለሚመስላት ሴት የመጀመሪያው በር ሆስፒታል መሆን የለበትም። ግፊት መለካትና ሽንት መመርመር በቅርብ ጤና ጣቢያ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ደግሞ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ከክፍያ ነፃ ነው። ለተንቀጠቀጠችና ደም በብዛት ለሚፈሳት ግን ሆስፒታሉ ሊቀድም ይገባል፤ ወደ ጤና ጣቢያ መዞር ሰዓት ያስባክናል። ፖስተሩ እነዚህን ሁለት መንገዶች ለይቶ ቢያሳይ መጨናነቁን ይቀንሳል እንጂ አያባብሰውም። ራሷን ያመማት ሴት ጤና ጣቢያ መጥታ ግፊቷ ደህና ከሆነ የባከነው አንድ ልኬት ነው፤ ሳትመጣ ቀርታ ግፊቷ 170 ከነበረ የሚባክነው ሕይወት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፖስተር በራሱ ሰው አያድንም የሚል ነው፤ እውነት አለው። ለምሳሌ በእንግሊዝና አየርላንድ ሆስፒታሎች ስለ ፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ለእናቶችና ለባለሙያዎች ግንዛቤ የሚሰጥ ሰፊ ሙከራ በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታተም፣ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናትን ቁጥር በግልጽ አልቀነሰም። ከዚህ የምማረው፣ ማሳሰቢያ የሚጠቅመው ከኋላው ቁርጥ ያለ ሕክምና ሲኖር መሆኑን ነው። እንቅስቃሴው የቀነሰ ፅንስ ያላት እናት ዛሬውኑ መታየት አለባት፣ እስከ ነገ አትጠብቅ፤ ግን ለደም ግፊት ያለው ሰንሰለት ከዚያ የበለጠ የተሟላ ነው፤ መለኪያ አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ውሳኔ አለ። በተጨማሪም ፕሪኤክላምፕሲያ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ግፊትን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ፖስተሩ ክትትልን አይተካም፤ «ምልክት ባይኖርሽም በቀጠሮሽ ቀን ነይ» የሚል መስመርም ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ማንበብ የማይችሉና አማርኛ የማይናገሩ ሴቶች ጉዳይ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ከየክልሉ ለሥራ የመጡ ሰዎች የሚኖሩበት፣ ከኦሮሚያ ጋር የሚዋሰን ክፍለ ከተማ ነው። ስለዚህ ፖስተሩ በአፋን ኦሮሞም ሊዘጋጅ፣ ሥዕሉም እጇን ከጎድን አጥንቷ ሥር ያደረገችን ሴት በትክክለኛው ቦታ ሊያሳይ ይገባል። ሆዷን በጠቅላላ የያዘች ሴት ሥዕል ምጥን ነው የሚናገረው። የሚለጠፍበትም ቦታ ክትትል ክፍሉ ብቻ መሆን የለበትም። የጨጓራ መድኃኒት የሚሸጠው ፋርማሲ ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ቢለጠፍ፣ ሻጩ «ነፍሰ ጡር ነሽ? ስንት ወርሽ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ያንኑ ቃል ለባልና ለአማት ማድረስ ይችላሉ፤ በብዙ ቤቶች መኪና የሚጠራውና ገንዘብ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነውና።

እንግዲህ በፖስተሩ መሃል፣ በትልቁ ፊደል እንዲጻፍ የምመክረው ይህን ነው፦ «ከ5ኛ ወርሽ ጀምሮ፣ ከወለድሽም በኋላ እስከ 6 ሳምንት፦ ፓራሲታሞል ያላስለቀቀው ወይም ለቆ የተመለሰ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከጎድን አጥንትሽ ሥር የጀመረ አዲስ ሕመም ካለሽ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ፤ አታሳድሪው። ከተንቀጠቀጥሽ ወይም ደም በብዛት ከፈሰሰሽ ግን ቤተሰብሽ በቀጥታ ሆስፒታል ይውሰድሽ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።» የቀሩት ምልክቶች ከዚህ በታች በየተራቸው ይቀመጡ። ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለየጤና ጣቢያው ኃላፊዎች ያለኝ ጥያቄም ይኸው ነው። ፖስተሩን ዳግም ከማሳተማችሁ በፊት ክትትል ላይ ላሉ ጥቂት ነፍሰ ጡሮች አሳዩትና «ዛሬ ማታ ራስሽን ቢያምሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። «ነገ አየዋለሁ» የሚል መልስ ካገኛችሁ፣ ጽሑፉ ገና አልተጠናቀቀም።