የማታው መዝገብ

ደባርቅ ውስጥ አምስት የእንግዳ ክፍሎችና አንዲት ሻይ ቤት አሉኝ። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው መንገደኛ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይበረክታል፤ ክረምት ገብቶ ጉሙ ሲወርድ ሰውም አብሮ ይጠፋል። ይህንን ዘንግቼ በሒሳቤ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

መጀመሪያ ደረሰኞቼን በካርቶን አጉሬ፣ ከጎንደር አንድ የሒሳብ ባለሙያ በዓመት አንዴ አስመጣሁ። ሰውዬው ሥራውን ያውቃል፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እኔኑ ሲጠይቅ ሰነበተ። «ይህ 1,200 ብር ለምን ወጣ?» ከስምንት ወር በፊት የተገዛ እንቁላል ይሁን ማገዶ ከየት አምጥቼ ልንገረው? ማስረጃ የሌለው ወጪ በግብር ጊዜ ከገቢ አይቀነስምና ላላገኘሁት ትርፍ ግብር ከፈልኩ።

ቀጥዬ አንዲት ተማሪ በቀን ለሁለት ሰዓት በወር ደመወዝ ቀጠርኩ። ጎበዝና ታማኝ ነበረች። ዳሩ ግን ገንዘቡ የሚገባው መንገደኞች ማለዳ ሒሳብ ዘግተው ሲወጡ፣ የሚወጣውም ባላገሩ ደጄ ላይ እንቁላሉን ሲያወርድ ነው፤ እሷ የምትመጣው ከትምህርት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ። «ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት ገባ?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ፤ ትጽፋለች። ለካስ ደመወዝ የምከፍለው የራሴን ዝንጋታ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ለምትገለብጥልኝ ሰው ኖሯል! በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ እንግዳው ሲቋረጥ ደመወዙ አልተቋረጠም። አራት ወር ችዬ አሰናበትኳት። በ2013 ጦርነቱ ሲከተል መልሼ ልጠራትም አልቻልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያን ጊዜ ራሴ ለመማር ተቀመጥኩ። የዕለቱ መዝገብ ሦስት ዓምድ ብቻ ነው፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ማታ በሩን ዘግቼ መሳቢያውን እቆጥራለሁ። አንድ ምሽት፣ ካደረው 2,000 ብር ላይ 3,450 ገብቶ 1,620 ወጥቶ ነበር። 3,830 መቅረት ሲገባው የቆጠርኩት 3,430 ሆነ። 400ዋ የት ገባች? ጥቂት ሳሰላስል፣ ጧት ከዳባት ገብስ ላመጣልኝ ሰው የከፈልኳት ትዝ አለችኝ። ምሽቱን ስለፈለግኋት ተገኘች፤ ለዓመቱ ብትቆይ ካርቶኑ ውስጥ ተቀብራ ትቀር ነበር።

መማርም ልክ አለው። የዕቃ እርጅና ቅናሽንና የዓመቱን መዝጊያ አልነካም፤ በዓመት አንዴ የሚሠራ ሥራ ቢማሩትም እስኪደርስ ይረሳል፣ ስሕተቱም ቅጣት ያመጣል። ለዚያ ዛሬም ባለሙያውን እጠራለሁ፤ መዝገቡ ተሰናድቶ ስለሚጠብቀው በአንድ ቀን ይጨርሳል።

ሰውም እቀጥራለሁ፤ እኔ ስጽፍ እንግዳ ሻይ ሲጠብቅ ካየሁ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ግን ለብዕሩ ሳይሆን አንሶላ ለማጠብ፣ ያውም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ብቻ መሆኑን አስቀድሜ ነግሬ። አንሶላውን ማንም ቢያጥበው ይነጣል፤ ብሩ ለምን እንደወጣ የሚያውቀው ግን ከኪሱ ያወጣው ሰው ብቻ ነው።